የቤተሰብ ፊርማ የታማሚውን ቃል አይተካም

«ከባድ ድብርት ያለበት ሰው መወሰን ስለማይችል፣ ለጥናት ሲመዘገብ ቤተሰቡ አንዴ ይፈርምለት» የሚለው የታተመ አስተያየት ከመነሻው ይስታል። እ.ኤ.አ. በ1999 የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ፖል አፕልባውምና ባልደረቦቹ ድብርት ያለባቸውን ተመላላሽ ታካሚ ሴቶች ሲመዝኑ፣ የመረዳትና የማመዛዘን አቅማቸው በአብዛኛው እንዳልተጓደለ አግኝተዋል። የእነዚያ ሴቶች ሕመም እጅግ የከፋ አልነበረም፤ ይህን መካድ አይገባም። ድብርቱ ሲከፋ ግን መረዳት ሳይጠፋ ለራስ መጨነቅ ሊጠፋ ይችላል፦ ታማሚው አደጋውን አንድ በአንድ ይዘረዝራል፣ «ብሞትስ ምን ይቀርብኛል» ብሎም ይፈርማል። ይህን የሚያጋልጠው «ገብቶኛል» የሚል ምልክት ሳይሆን «ይህ አደጋ በእርስዎ ላይ ቢደርስስ?» የሚል ጥያቄ ነው።

ለምሳሌ ሰቆጣ ላይ ከባድ ድብርት ያለባቸውን የሚመዘግብ ጥናት ቢደረግ፣ ቅጹ ለኽምጣንኛ ተናጋሪ በኽምጣንኛ ይነበብ፤ እንዲህም ይበል፦ «ሕመምዎ ሊጠናና ሊቀል ስለሚችል በየቀጠሮው ደግመን እንጠይቅዎታለን። መወሰን ቢያቅትዎ ዛሬ የመረጡትን ሰው እናማክራለን፤ እርስዎ እምቢ ካሉ ግን የእርሱ ፈቃድ አያስቀጥልዎትም። ሲሻልዎ እንደገና እንጠይቅዎታለን፤ ቢወጡም ሕክምናዎ አይቋረጥም።» መደጋገሙ ተሳታፊ ያሸሻል ይባል ይሆናል። ጥያቄው ግን በተያዘው ቀጠሮ ላይ የሚጨምረው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሲጠየቅ የሚወጣ ሰውም ሳይጠየቅ ሊያዝ አይገባውም ነበር። የሄልሲንኪ መግለጫም ተወካይ ለሚፈርምለት ሰው እምቢታው እንዲከበር ያዛል። የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴዎች በቤተሰብ ፊርማ ብቻ የቀረበን ቅጽ ይመልሱ።