ጳጳስ የሚሾመው ማን ነው?

«ቤተ ክህነትን የደፈረው ደርግ ነው፤ በንጉሡ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ነጻ ነበረች» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን በየቻናሉ ይዞራል። እኔ አልስማማም። ደርግ የያዘውን ልጓም ማን እንደሠራው ይሸፍናልና።

የ1948ቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 127 አንብቡት። ጳጳሳትን የካህናትና የምእመናን ወኪሎች ይመርጣሉ፤ ሹመቱ ግን የንጉሠ ነገሥቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ጳጳሳችንን ራሳችን እንድንሾም ከእስክንድርያ ጋር ስንከራከር ኖረን፣ ያገኘነውን ቁልፍ ለቤተ መንግሥት አስረከብነው።

አውሮፓም በዚሁ ታምሳለች። የጀርመኑ ንጉሥ ሄንሪ 4ኛ ከሮሙ ፖፕ ጎርጎርዮስ 7ኛ ጋር የተጣላው ጳጳስ በመሾም ጉዳይ ነው። ተወግዞ እ.ኤ.አ. በ1077 ካኖሳ ደጃፍ በብርድ ሦስት ቀን ቆሞ ምሕረት ለመነ። ነገሥታቱ ሹመቱን አንለቅም ያሉበት ምክንያት ግልጽ ነበር፤ ጳጳሱ ሰፊ መሬት ይገዛል፣ ወታደርም ያዘምታል። እ.ኤ.አ. በ1122 በቮርምስ ተስማሙና ነገሩን ለሁለት ከፈሉት። የመንፈሳዊ ሥልጣን ምልክት የሆኑትን ቀለበትና በትር ቤተ ክርስቲያን ትስጥ፤ መሬቱንና ዓለማዊ መብቱን ንጉሡ በበትረ መንግሥቱ ይስጥ ተባለ። ንጉሡ ጀርመን ውስጥ በሚደረግ ምርጫ ላይ መገኘቱ አልቀረም፤ ቢሆንም ማን ምን እንደሚሰጥ ታወቀ።

ወደ እኛ እንመለስ። የካቲት 1967 የገጠር መሬት ሲወረስ የቤተ ክርስቲያን ርስትም ሄደ። ምክንያቱ መሬት ከነበረ ጠቡ እዚያ ላይ ማብቃት ነበረበት። አላበቃም። አቡነ ቴዎፍሎስ ደርግን ሳያስፈቅዱ ሦስት ጳጳሳት ሾሙ፤ ይህም ወንጀል ሆኖ ተቆጠረባቸው። የካቲት 1968 ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፣ በዚያው ዓመት ሌላ ፓትርያርክ ተሾመ። እስክንድርያ ግን ፓትርያርኩ በሕይወት እያሉ ሌላውን አላውቅም አለች። በ1971 አቡነ ቴዎፍሎስ በምስጢር ተገደሉ።

መሬት የሌለውን ጳጳስ መንግሥት ለምን ፈራው? በየቅዳሴው ስሙ ስለሚጠራ፣ ሕዝብም ስለሚሰማው ነው።

ጥር 2015 በሐሮ ወሊሶ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሾምን ሲሉ ጥያቄው ተመልሶ መጣ። በአፋን ኦሮሞ የመገልገል ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ሁሩታም ሆነ አዳማ ያለ ምእመን ያውቀዋል። ጠቡ ግን ወዲያው የቤተ ክርስቲያን በር የሚከፍተው ማን ነው ወደሚል ወረደ። ቅዱስ ሲኖዶስ የጸጥታ ኃይሎች ለአንድ ወገን በር ከፈቱ ብሎ ከሰሰ፣ ሻሸመኔ ላይ ሰው ሞተ። የካቲት 8 ስምምነት ላይ ሲደረስ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በቦታው ነበሩ።

የዛሬው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጣልቃ አይገባም ይላል። ለአንድ ሀገረ ስብከት ሁለት ጳጳስ ሲመጣ ማኅተሙና የባንክ ሒሳቡ የማን እንደሆነ ግን አይናገርም። ይህን ፍርድ ቤት ይወስን፤ እስኪወስን ፖሊስ ሰው እንዳይጎዳ ይጠብቅ እንጂ ለማንም በር አይክፈት። ሲኖዶሱም ጠብ በተነሳ ቁጥር ዳኝነት ፍለጋ ቤተ መንግሥት መሄዱን ይተው።