አምስት ቀን ብቻ ነው የምጠይቀው

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን የመሬት መንሸራተት ያስታውሳሉ። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሯሯጡ ጎረቤቶችን ሁለተኛው ናዳ ቀበራቸው፤ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። በዚያ ሳምንት ብዙዎቻችን ቢሮ ተቀምጠን ስልካችን ላይ ምስሉን እያየን “እዚህ ምን አደርጋለሁ?” ብለናል። በአንድ የግል አስመጪ ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት የምትሠራ ወዳጄ ግን ከማለት አልፋ ለአለቃዋ ማመልከቻ ጻፈች። የመጀመሪያው ማመልከቻ አልተሳካም። ሁለተኛው ተሳካ። ዛሬ የማወጋዎት በሁለቱ መካከል ስላለው ልዩነት ነው።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ስለ ሐዘኑና ስለ ወገን ፍቅር አንድ ገጽ ሙሉ ይናገርና “ለተወሰነ ጊዜ ያለ ክፍያ ፈቃድ እንዲሰጠኝ” ብሎ ያበቃል። አለቃዋ ክፉ ሰው አይደሉም። ነገር ግን “ለተወሰነ ጊዜ” የሚለውን ያነበቡት “መቼ እንደምመለስ አላውቅም” ብለው ነው። በዚያ ላይ ወሩ ሐምሌ ነው፤ በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ የሒሳብ ክፍሉ አንገቱን ደፍቶ የሚሠራበት ጊዜ። “አሁን አይቻልም” አሏት። እኔም ብሆን ይህንኑ እል ነበር።

ተስፋ ከመቁረጧ በፊት ያደረገችው ነገር ትክክለኛ ነበር። ወደ አለቃዋ ከመመለሷ በፊት አንድ የእርዳታ ድርጅት ዘንድ ሄዳ “ምን ልሥራላችሁ?” ብላ ጠየቀች። መቆፈር አትችልም፤ በራሷ ተነሥታ ብትሄድም ሌላ አልጋና ሌላ ምሳ ፈላጊ ከመሆን በቀር ጥቅም የላትም። መጋዘን ግን ሰው አጥሯል። ዱቄት፣ ብርድ ልብስና ሳሙና በየመኪናው ይገባል፤ የገባውን በሞዴል 19፣ የወጣውን በሞዴል 22 የሚመዘግብ፣ ማታ ላይ ቆጠራውን ከወረቀቱ ጋር የሚያመሳክር ሰው ይፈለጋል። ይህ ደግሞ የዕለት ሥራዋ ነው። ድርጅቱ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሚፈልጋት፣ የት እንደምታድርና ማን ኃላፊዋ እንደሆነ በማኅተም ጽፎ ሰጣት። እርስዎም ይህ ወረቀት በእጅዎ ሳይገባ ፈቃድ አይጠይቁ። አሠሪዎ “ለመሆኑ ማን ጠራህ?” ቢልዎት መልሱ ይኸው ወረቀት ነው።

ከዚያ ሁለተኛውን ደብዳቤ ጻፈች። ፈቃድ ስለሰጠችኝ እንዳለ አቀርበዋለሁ፦

ቀን፦ ሐምሌ 26 ቀን 2016 ዓ.ም.
ለሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል
ጉዳዩ፦ ለ5 የሥራ ቀናት ያለ ክፍያ ፈቃድ ስለመጠየቅ

ከሰኞ ነሐሴ 6 እስከ ዓርብ ነሐሴ 10 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ለተፈናቀሉ ወገኖች በሚደረገው እርዳታ በመጋዘን ሒሳብ መዝጋቢነት በበጎ ፈቃድ እንዳገለግል ተጠይቄያለሁ፤ የድርጅቱን ደብዳቤ አያይዣለሁ። ጉዞዬን በቅዳሜና እሑድ ስለማደርግ ከሥራ የምለየው 5 ቀን ብቻ ነው። ሰኞ ነሐሴ 13 በ2፡30 በሥራ ገበታዬ እገኛለሁ። የሐምሌን ደመወዝ የሥራ ግብርና ጡረታ እስከ ዓርብ ነሐሴ 3 አጠናቅቄ እሄዳለሁ። በእነዚህ ቀናት የባንክ ማስታረቅና የአነስተኛ ወጪ ክፍያን የሥራ ባልደረባዬ ለመሸፈን ተስማምታለች፤ ለዚሁ የሥራ ቅደም ተከተሉን በጽሑፍ አዘጋጅቼ ነሐሴ 1 እና 2 ከእሷ ጋር አብረን እንሠራበታለን። ይህ ጽሑፍ ከዚህ በኋላም ማናችንም በዓመት ፈቃድ ወይም በሕመም በማንኖርበት ጊዜ ክፍሉን ያገለግላል።

ከሰላምታ ጋር

ስለ ሐዘን አንድም ቃል የለም። አለቃዋ ዜናውን እሳቸውም አይተዋል፤ የሚያስጨንቃቸው አርብ ከሰዓት የሚመጣው የአቅራቢ ክፍያ ነው። ደብዳቤው ደግሞ የሚመልሰው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ለአሠሪ የሚገኘው ጥቅም ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። “የድርጅታችን ስም ይጠራል”፣ “ታድሼ እመለሳለሁ” ይላሉ። አለቃ ይህን ሰምቶ ፈገግ ይላል እንጂ አያምንም። ወዳጄ የጠቀሰችው ጥቅም በእጅ የሚዳሰስ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ የባንክ ማስታረቁን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ታማ ብትቀር ክፍሉ ይቆም ነበር። አምስቱ ቀናት ይህን ክፍተት ደመወዝ ሳይከፈልበት ለመሙላት ምክንያት ሆኑ። የእርስዎም ሥራ እንዲህ ያለ እርስዎ ብቻ የያዙት ቁልፍ አይጠፋውም፤ ፈልገው ያግኙትና በደብዳቤዎ ውስጥ ያስገቡት።

ሕጉን በተመለከተ በአጭሩ ልበል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲገጥመው እስከ አምስት ተከታታይ ቀን፣ በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ ላልበለጠ፣ ያለ ክፍያ ፈቃድ እንደሚያገኝ ይደነግጋል። ሆኖም ይህ የራስዎ ቤት ሲናወጥ የሚያገለግል ነው፤ ለሌላ ሰው አደጋ በመብት መልክ ቢያነሱት ክርክር ይከፍታል፤ ነገ ለራስዎ የሚያስፈልግዎትንም ዕድል ሊጨርሱ ይችላሉ። የተሻለው መንገድ ስምምነት ነው። በዚሁ አዋጅ መሠረት ሠራተኛው ጠይቆ አሠሪው የፈቀደው ያለ ክፍያ ፈቃድ ውሉን አያቋርጥም፤ ግዴታዎቹ ለጊዜው ብቻ ይታገዳሉ። ስለዚህ “እሺ ሂጂ” የሚል የቃል ፈቃድ አይበቃም። ፊርማና ቀን ያለው መልስ በእጅዎ ይኑር፤ አለበለዚያ አለቃ ቢቀየር አምስቱ ቀን ከሥራ እንደ መቅረት ሊቆጠርብዎ ይችላል። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ የሚገዛዎት ሌላ አዋጅ ስለሆነ የመሥሪያ ቤትዎን የሰው ሀብት ክፍል ይጠይቁ።

“ለምን ከዓመት ፈቃዷ አልወሰደችም?” ይሉ ይሆናል። ስምንት ዓመት ስለሠራች 19 የሥራ ቀን አላት፤ ግን የቀረው ለልጆቿ ትምህርት ቤት መክፈቻ የተያዘ ነው። ስለዚህ ከባሏ ጋር ቁጭ ብለው ሒሳቡን ሠሩ። ደመወዟ 26,000 ብር ነው። ድርጅቱ ለ26 ቀን አካፍሎ ስለሚቆርጥ በቀን 1,000፣ በአምስት ቀን 5,000 ብር ይጎድላል። አንዳንድ ድርጅት ለ30 ያካፍላል፤ እንዲያ ቢሆን 4,333 ብር ገደማ በሆነ ነበር። ደመወዝ ከፋዩን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። እነሱ የነሐሴን ዕቁብ ከቁጠባ ሊከፍሉ ተስማሙ። ይህ ውይይት ከማመልከቻው በፊት ካልተደረገ የደመወዝ ቀን ቤት ውስጥ ሌላ ናዳ ይነሣል።

አለቃዋ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቋት፤ “ክረምት ነው፤ መንገድ ቢዘጋብሽስ?” ጥሩ ጥያቄ ነው። “እሑድ ማታ እደውላለሁ፤ የምዘገይበት ቀን ከዓመት ፈቃዴ ይቆረጥ” ብላ መለሰች። እሳቸውም ይህንኑ ዐረፍተ ነገር በደብዳቤው ኅዳግ ላይ ጽፈው ፈረሙበት።

እዚያም በአራተኛው ቀን “አንድ ሳምንት ጨምሪልን” ተብላ ነበር። መኪኖች እየገቡ ነው፤ የሚተካት ሰው ገና አልደረሰም። እምቢ ማለቱ እንዳስለቀሳት አልደበቀችኝም። መዝገቡን ለአንድ የአካባቢው መምህር አስረክባ ቅዳሜ ተነሣች፤ ሰኞ የቡሄ ዕለት 2፡30 ላይ ወንበሯ ላይ ነበረች። ባልደረባዋ ማስታረቁን ጨርሳለች፤ አንድ የ340 ብር ልዩነት ብቻ ቀርቷት ነበር፤ ከሰዓት በፊት አብረው አገኙት።

አለቃዎ በዚህ ሁሉ ተዘጋጅተውም እንኳ “አይሆንም” ካሉ፣ ደብዳቤ የጻፈልዎት ድርጅት በከተማዎ መጋዘን እንዳለው ይጠይቁ። ልብስ መለየትና ካርቶን ማሸግ ቅዳሜም ይሠራል፤ ለዚያ የማንም ፊርማ አያስፈልግም።