ለጉሮሮ ሕመም ስንት ጨው፣ ምን ያህል ሙቅ ውሃ?



ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ደረጃው ላይ አገኙኝና፣ «መምህር፣ ያገራችን ጨው ስንቱን ጉሮሮ አድኗል፤ የዚህ አገር ጨው ግን ጭራሽ አቃጠለኝ» አሉኝ። «እማማ፣ ስንት ያደርጋሉ?» አልኳቸው። በአንድ ኩባያ ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ኖሯል። ውሃውም ከኩምኩሙ እንደወጣ፣ ለሻይ እንደሚሆነው ነው። ጨዉስ ያው ጨው ነው፤ ስህተቱ ከመጠኑና ከሙቀቱ ነበር።

ነገሩን በኪያር እንየው። ኪያር ከትፋችሁ ጨው ነስንሳችሁ ትንሽ ብታቆዩት፣ ሳህኑ ሥር ውሃ ታገኛላችሁ። ጨው የበዛበት ወገን ውሃን ወደ ራሱ ይስባል። ጉሮሮ ሲታመም ቆዳው ውሃ ቋጥሮ ያብጣል፤ ስንውጥ የሚያመንም አንዱ ምክንያት ይኸው እብጠት ነው። ከሰውነታችን ፈሳሽ ትንሽ ጨመር ያለ ጨዋማ ውሃ ሲነካው፣ ከእብጠቱ ጥቂት ውሃ ይወጣል። የተጣበቀው አክታም ይላቀቃል። ሕመሙ ቀለል የሚለው ለዚህ ነው።

«ትንሽ ጨመር ያለ» ያልኩት በምክንያት ነው። የሰውነታችን ፈሳሽ በአንድ ሊትር ውስጥ 9 ግራም ያህል ጨው እንዳለው ውሃ ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማለትም 3 ግራም ገደማ፣ በሩብ ሊትር ውሃ ስታሟሙ በሊትር 12 ግራም ያህል ይሆናል፤ ይህ ይበቃል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ግን ከዚህ አሥር እጥፍ ያልፋል። የቆሰለውን ቆዳ ያደርቀዋል፣ ያቃጥለዋልም። ጨው የሌለው ውሃ ደግሞ ጉሮሮን ያርሳል እንጂ እብጠቱን አይስብም።

ውሃው ለብ ያለ ይሁን። ለሕፃን ወተት እንደምናደርገው የእጃችሁ አንጓ ላይ ጠብ አድርጉት፤ ሞቅ ብሎ ካልለበለባችሁ ልክ ነው። የፈላ ውሃ የተሻለ ያድናል ማለት ስህተት ነው፤ የታመመውን ጉሮሮ በላዩ ላይ ያቃጥለዋል። ጨዉ በደንብ እስኪሟሟ አማስሉት፤ በተለይ ደቃቅ ያልሆነው ጨው ሥር ሥሩን ከቀረ፣ መጀመሪያ የምትጎነጩት አልጫ፣ መጨረሻው መራራ ይሆናል።

አንድ ጉንጭ ያዙ፣ ራሳችሁን ወደ ኋላ ቀና አድርጉ፣ «አአአ» እያላችሁ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ጉሮሮ ላይ አንቀርቅቡትና ትፉት። ኩባያው እስኪያልቅ ደጋግሙ። አትዋጡት፤ በተለይ የደም ግፊት ያለበት ሰው ይጠንቀቅ። በቀን ከሦስት እስከ አራት ጊዜ፣ አንዱን ከመኝታ በፊት ብታደርጉት ይበቃል። እብጠቱ ስለሚመለስ መደጋገሙ ያስፈልጋል፤ በየሰዓቱ ማድረግ ግን አፍን ያደርቃል። ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ውሃውን ሊውጠው ወይም ትን ሊለው ስለሚችል ለእሱ አይሆንም።

እማማ መጠኑን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውም ተሻላቸው። በሌላ ሳምንት ግን የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸው ታመመና በዚያው በጨው ውሃ ያስታምሙት ጀመር። ልጁ ሲጉመጠመጥ ለአንድ ሰዓት ይሻለዋል፣ ተመልሶ ይብስበታል። ትኩሳቱ ከፍ ያለ ነው። ሳል የለውም፣ ንፍጥም የለውም። አንገቱ ሥር ንፍፊት ወጥቷል፣ ቶንሲሉም ላይ ነጭ ነጭ ነገር ይታያል። እኔ የሰማሁት በአምስተኛው ቀን ነው። «እማማ፣ ይህ የጨው ሥራ አይደለም፤ ዛሬውኑ ኩፓት ሆሊም ይውሰዱት» አልኳቸው። ከጉሮሮው በጥጥ ናሙና ተወሰደና ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ተገኘ።

ጨው ሕመምን ያቀላል እንጂ ይህን ባክቴሪያ አያጠፋም። ካልታከመ ከሳምንታት በኋላ የቁርጥማት ትኩሳት አምጥቶ የልብ በር ሊያበላሽ ይችላል። ባገራችን ስንት ወጣት በልብ ሕመም የተቀጠፈው ከዚህ የተነሣ ነው፤ እንጥል ማስቆረጥም አላዳነም። መድኃኒቱ፣ ፔኒሲሊን ወይም አሞክሲሲሊን፣ ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ከተጀመረ ልብን ከዚህ ይጠብቃል። ልጁ ለ10 ቀን ታዘዘለት። በሦስተኛው ቀን ሲሮጥ አየሁት፤ አያቱ ግን «ድኗል» ብለው አላቋረጡበትም፣ እስከ መጨረሻው አስዋጡት።

እንግዲህ ሳልና ንፍጥ ያለው ተራ ጉንፋን ከሆነ ጨዉ ያግዛችኋል። ትኩሳት ካለ፣ ወይም በሦስት ቀን መሻል ካልጀመረ፣ ሐኪም ይየው። ምራቁን መዋጥ ያቃተው ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ካለ ደግሞ ኩባያውን ተዉትና 101 ደውሉ።

ሰላም ሰንብቱ።