ለናፍቆት የተገዛው ዳታ ቶሎ እንዳያልቅ

ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ ቀበሌዎች ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሄዱ እህቶቻችን ብዙዎች ናቸው። ቤተሰብ ድምፃቸውን የሚሰማውና መልካቸውን የሚያየው በዋትሳፕ፣ በኢሞና እነዚህን በመሰሉት ነው። ሆኖም የገዙት ጥቅል ወሬው ሳይጠገብ የሚያልቅባቸው እናቶች ጥቂት አይደሉም።

ውድ እናቶች፣ ዳታውን የሚበላው በይበልጥ ምስሉ ነው። መጠኑ እንደ መሥመሩ ቢለያይም፣ የድምፅ ጥሪ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ1 ሜጋባይት በታች ሲወስድ፣ የቪዲዮ ጥሪ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ መርሳ ያለች እናት 100 ሜጋባይት ይዛ ሪያድ ካለች ልጅዋ ጋር በቪዲዮ ብቻ ብትነጋገር፣ በደቂቃ 5 ቢሄድባት በ20 ደቂቃ ያልቅባታል። ነገር ግን ለ2 ደቂቃ ከተያዩ በኋላ ካሜራውን ቢዘጉ፣ የሚወጣው 10 ሜጋባይት ብቻ ነው። የቀረው 90 በድምፅ ከአንድ ሰዓት ተኩል ያላነሰ ያነጋግራቸዋል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ካሜራውን መዝጋት ያለባቸው ሁለቱም ናቸው። እናት የራስዋን ብቻ ብትዘጋ የልጅዋ ምስል መምጣቱን ስለማያቋርጥ፣ ሂሳቡ ከእናትየዋም ጥቅል ይቀነሳል። ምስሉ ሲደርቅ ወይም ድምፁ ሲቆራረጥም ስልኩን ዘግቶ እንደገና ከመደወል፣ የካሜራውን ምልክት ነክቶ በድምፅ መቀጠል ይሻላል።

በዋትሳፕ ላይ Settings፣ ቀጥሎ Storage and data ተብሎ ከተጻፈው ገብተው Use less data for calls የሚለውን ይክፈቱ። የምስሉ ጥራት ቢቀንስም ወጪው ይቀልላል። እዚያው Network usage የሚለው ጥሪ ስንት እንደወሰደ ያሳያል። ከጥሪው በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር ቢያስተያዩ ያወጡትን በትክክል ያውቃሉ።

በስልኩ አናት ላይ 2G ወይም E የሚል ምልክት ከታየ ግን ቪዲዮ አይሞከር። መልእክትዎን በድምፅ ቀድተው ይላኩ፤ መሥመር በተገኘ ጊዜ ይሄዳል። በመልእክቱ ሥር የሰዓት ምልክት ካለ ገና ከእርስዎ ስልክ አልወጣም። አንድ ጭረት መላኩን፣ ሁለት ጭረት ልጅዎ ስልክ ላይ መድረሱን ያመለክታል። አንዱ ጭረት ሁለት ሳይሆን ቢያድር ወዲያው መደንገጥ አይገባም። በሥራ ሰዓት ስልክዋ ተዘግቶ ወይም ዳታዋ አልቆ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የምትደውልበትን ቀንና ሰዓት አስቀድመው ከእርስዋ ጋር ይቀጣጠሩ። የሪያድና የእኛ ሰዓት እኩል በመሆኑ ለቀጠሮው አያስቸግርም።