ለከባዱም ለቀላሉም እኩል ቀን ማደል ይቁም!

የተከበራችሁ የአንኮበር ነዋሪዎች፤

ለ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ፈተና 30 ቀን ሲቀር ስድስቱን ትምህርት አምስት አምስት ቀን ማካፈል ፍርደ ገምድልነት ነው። ሂሳብ የከበደው ልጅ ባዮሎጂ ላይ ምን ያስቀምጠዋል?

ከፈተናው ቀን ወደ ኋላ ይቆጠር። የመጨረሻው 3 ቀን ለክለሳ፣ ሌላ 3 ቀን ደግሞ በገበያና በሥራ ለሚባክነው ማካካሻ ይተው። በቀሪው 24 ቀን ማለዳና ማታ ቢጠና 48 ጊዜ ይሆናል። ለሂሳብና ለፊዚክስ 12፣ 12፤ ለኬሚስትሪና ለእንግሊዝኛ 8፣ 8፤ ለባዮሎጂና ለአፕቲትዩድ 4፣ 4 ይድረስ። እንግሊዝኛ የባሰበት ልጅ ከፊዚክስ ጋር ያለዋውጠው። ሂሳብ በየሁለት ቀኑ ይመለስ እንጂ በአንድ ሳምንት አይታጎር፤ ይረሳል።

የትኛው እንደከበደ የሚታወቀው ደብተር ተዘግቶ የአምናው ጥያቄ ሲሠራ ነው እንጂ «አውቀዋለሁ» በማለት አይደለም።

ወላጆችም በጥናት ሰዓት «ውሃ ቅዳ፣ ከብት መልስ» ማለቱን እንተው!

የማኅበሩ ጸሐፊ