በኢንተርኔት የተገዛ የዒድ ስጦታ ጅግጅጋ እስኪደርስ ዋጋው ለምን ይታጠፋል?

ባለፈው ረመዷን አጋማሽ ላይ ሚኒሶታ የምትኖር አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ደወለችልኝ። ከሰላምታ በኋላ፣ “ኡስታዝ፣ ለእናቴና ለእህቶቼ ለዒድ ጫማና ቦርሳ በኢንተርኔት ገዝቼ ልኬላቸው ነበር። ዕቃው አዲስ አበባ ገብቷል። ነገር ግን ከገዛሁበት ዋጋ በላይ ክፈሉ ተባሉ። ተታለን ይሆን?” አለችኝ። ሰነዶቹን እንድትልክልኝ ጠይቄ አንድ በአንድ አየኋቸው። አልተታለሉም። ስሌቱ ትክክል ነበር። ችግሩ ዕቃውን ስትገዛ ስሌቱን የነገራት ሰው አለመኖሩ ነው። ስጦታው ጅግጅጋ የገባው ዒድ ካለፈ በኋላ ነበር።

ይህ የአንዲት ቤተሰብ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከጅግጅጋ፣ ከቀብሪበያህ፣ ከአውበሬ ወይም ከቶጎ ውጫሌ ወጥቶ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖር ዘመድ ያለው ቤት ብዙ ነው። ዛሬ ያ ዘመድ ስልኩን ከፍቶ፣ ዕቃ መርጦ፣ ከፍሎ፣ የእናቱን አድራሻ በመጻፍ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። በእርግጥ ግን ከዚያ በኋላ ሦስት ነገሮች ይጠብቁታል፤ የቀረጥ ስሌት፣ የስምና የአድራሻ ጣጣ፣ እንዲሁም የድንበሩ አቋራጭ ፈተና።

ስሌቱ እንዴት ይሠራል?

ብዙ ሰው ቀረጥ የሚታሰበው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ ይመስለዋል። ጉምሩክ የሚነሣው ግን የዕቃውን ዋጋ፣ የማጓጓዣውንና የኢንሹራንሱን ክፍያ ደምሮ ነው። ትራንዚተሮች ይህን ድምር ሲአይኤፍ ይሉታል። ስለዚህ በአውሮፕላን በፍጥነት እንዲደርስ የከፈልነው ገንዘብ ራሱ ይቀረጣል ማለት ነው።

ቀጥሎ ያለው ስሌት ደረጃ በደረጃ እየተቆለለ ይሄዳል። መጀመሪያ የጉምሩክ ቀረጥ ይሰላል፤ ይህም እንደ ዕቃው ዓይነት ከዜሮ እስከ 35 በመቶ ነው። ኤክሳይስ ታክስ ያለበት ዕቃ ከሆነ ኤክሳይሱ ይጨመራል። ከዚያ በዚህ ሁሉ ድምር ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል። ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ ተጨማሪ እሴት ታክሱን ጨምሮ በጠቅላላው ድምር ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ ይመጣል። ሶሻል ዌልፌር ሌቪ የሚባለው 3 በመቶ ግን በሲአይኤፉ ላይ ብቻ ይሰላል።

በምሳሌ እንየው። የዕቃው ዋጋ 200 ዶላር፣ ማጓጓዣው 90 ዶላር፣ ኢንሹራንሱ 10 ዶላር ይሁን፤ ድምሩ 300 ዶላር ነው። ለስሌቱ እንዲቀለን አንድ ዶላርን በ150 ብር ብንይዝ 45,000 ብር ይሆናል። ዕቃው ከፍተኛው 35 በመቶ ቀረጥ የሚጠየቅበት፣ ኤክሳይስ የሌለበት ነው ብንል፣ ቀረጡ 15,750 ብር ነው። ድምሩ 60,750 ብር ሲደርስ ተጨማሪ እሴት ታክሱ 9,112 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። ሱር ታክሱ 6,986 ብር ከ25 ሳንቲም፣ ሌቪው ደግሞ 1,350 ብር ነው። ጠቅላላ ክፍያው 33,198 ብር ከ75 ሳንቲም ይመጣል። የዕቃው የራሱ ዋጋ 200 ዶላር፣ ማለትም 30,000 ብር ነበር። “ከገዛሁበት ዋጋ የሚበልጥ ቀረጥ” የሚባለው እንዲህ ነው የሚፈጠረው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወስ አለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት፣ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ያኔ ይኸው ዕቃ የሚጠየቅበት ክፍያ 12,600 ብር አካባቢ ይሆን ነበር። የቀረጡ መጠን ሳይቀየር፣ የተመኑ ለውጥ ብቻ በብር የሚከፈለውን ከእጥፍ በላይ አድርጎታል። ላኪው በዶላር ስለሚያስብ ይህ አይታየውም፤ ክፍያውን በብር የሚሸከመው ጅግጅጋ ያለው ተቀባይ ነው።

“ስጦታ” ብሎ መጻፍ ያድናል?

አያድንም። በጥቅሉ ላይ “ስጦታ” ተብሎ መጻፉ ዕቃው የተላከበትን ምክንያት ይገልጻል እንጂ ቀረጡን አያነሣም። ከዚህ የባሰው የ200 ዶላር ዕቃ “20 ዶላር” ተብሎ የሚጻፍበት ልማድ ነው። ጉምሩክ የተጻፈውን ዋጋ ካላመነበት ተመሳሳይ ዕቃዎች ከገቡበት ዋጋ ጋር አነጻጽሮ ራሱ ይተምናል። ያኔ ሰውየው እውነተኛውን ደረሰኝ ይዞ መከራከር አይችልም፤ ደረሰኙ ራሱ በጥቅሉ ላይ የተጻፈው ውሸት እንደሆነ ይመሰክርበታልና። ዕቃው ቢጠፋም ካሳው የሚታሰበው በተጻፈው 20 ዶላር ነው። ነገሩ በዲን በኩልም ቀላል አይደለም፤ የሐሰት ቃል ስጦታ ስለተጠቀለለበት እውነት አይሆንም።

ብዛትም ትኩረት ይስባል። አንድ ዓይነት አባያ በተለያየ መጠን አሥራ አምስት ፍሬ ከመጣ፣ ለቤተሰብ ነው ቢባልም የንግድ ዕቃ ሊባል ይችላል። ያኔ 3 በመቶ ቅድመ ግብር ይጨመራል፤ የንግድ ፈቃድና የባንክ ፈቃድ ጥያቄም ይከተላል። መድኃኒት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ፈቃድ ይፈልጋል። አልኮል ያለበት ሽቶና ለብቻው የታሸገ ፓወር ባንክ ደግሞ በአየር ፖስታ ስለማይፈቀዱ ከላኪው አገር ሳይወጡ የሚቀሩ ናቸው። ለዒድ ከሚታዘዙት ነገሮች ሁለቱ እነዚህ መሆናቸው ያሳዝናል።

ከመክፈል በፊት መታየት ያለበት ሌላው ጉዳይ ቀረጡን ማን እንደሚከፍል ነው። አንዳንድ የገበያ ድረ ገጾች የመድረሻውን ቀረጥ ገምተው ቀድመው ይቀበላሉ፤ በክፍያው ገጽ ላይ DDP ወይም Import Fees Deposit የሚል ይታያል። DAP ከተባለ ወይም ምንም ካልተጻፈ ግን ከፋዩ ተቀባዩ ነው። ተቀባዩ አልከፍልም ካለ ዕቃው በመጋዘን ኪራይ ይቆለልበታል፤ የተወሰነለት ጊዜ ሲያልፍም እንደተተወ ዕቃ ይቆጠራል። ወደ ሻጩ ቢመለስ እንኳ የማጓጓዣው ገንዘብ ብዙ ጊዜ አይመለስም።

Xasan፣ Hassan እና “ሶማሌ ክልል”

ሁለተኛው ጣጣ የእኛን አካባቢ በተለየ ይመለከታል። በሶማሊኛ አጻጻፍ ሐ ድምፅ በ X፣ ዐ ደግሞ በ C ይጻፋል። ሚኒሶታ ያለው ልጅ ጥቅሉ ላይ Xasan Cabdi ብሎ ይጽፋል፤ አባቱ በፋይዳ መታወቂያው ላይ ግን Hassan Abdi ነው። አካባቢውን የሚያውቅ ሠራተኛ አንድ ሰው መሆኑን ይረዳል፤ አዲስ አበባ ያለው ግን ሁለት ሰው ቢያያቸው አይፈረድበትም። በቅጽል ስም የተላከማ ጭራሽ ባለቤት የለውም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ተቀባዩ መታወቂያውን ፎቶ አንሥቶ ይላክ፣ ላኪውም የእንግሊዝኛውን ስም እስከ አያት ድረስ ፊደል በፊደል ይቅዳ።

አድራሻውም እንደዚሁ ነው። የኢትዮጵያ ፖስታ ሥርዓት የቆመው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ላይ ነው። ድረ ገጾች ግን የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይጠይቃሉ። ላኪው ባዶውን ለመሙላት “Somali Region” ብሎ ሲጽፍ፣ አገር በሚመረጥበት ቦታ ደግሞ ተሳስቶ Somalia ከመረጠ ዕቃው ወደ ሞቃዲሾ ሊያመራ ይችላል። ስለዚህ አገሩ Ethiopia፣ ከተማው Jijiga ተብሎ፣ በመንገዱ መስመር ላይ የፖስታ ሣጥን ቁጥሩ ይጻፍ። ሣጥን የሌለው ሰው ፈቃዱን ጠይቆ የመሥሪያ ቤቱን ወይም የዘመዱን ሣጥን ቢጠቀም ይሻላል። ስልኩ የመጀመሪያዋ ዜሮ ተነሥታ በ +251 ይጀምር፤ ዕቃው መድረሱ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በስልክ ነውና።

ሻጩ የሚልከውን የመከታተያ ቁጥርም ማንበብ ይቻላል። ትክክለኛ የፖስታ ቁጥር 13 ምልክቶች አሉት፤ ሁለት ፊደል፣ ዘጠኝ አኃዝ፣ በመጨረሻ የላኪው አገር ሁለት ፊደል፤ ለምሳሌ EE123456789US። በ E የሚጀምረው ፈጣን መልእክት ነው፤ በ C የሚጀምረው ጥቅል፣ በ R የሚጀምረው ደግሞ አደራ ነው። ከዚህ የተለየ ቁጥር ከተሰጠን ዕቃው በፖስታ ሳይሆን በግል አመላላሽ እየመጣ ሊሆን ይችላል። በዚያ ጊዜ ጅግጅጋ ድረስ ያመጡታል ወይስ አዲስ አበባ ላይ “መጥታችሁ ውሰዱ” ይላሉ? ይህ ከመክፈል በፊት መጠየቅ አለበት። ከአዲስ አበባ ጅግጅጋ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ለአንዲት ቦርሳ የሚኬድ መንገድ አይደለም።

የውጫሌው አቋራጭ

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው፣ “ታዲያ ሐርጌሳ ይላክና በውጫሌ ይግባ” ማለቱ አይቀርም። ቶጎ ውጫሌ ከጅግጅጋ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ሐሳቡ ያጓጓል። በሐርጌሳ የሚቀበል ዘመድ ካለና ዕቃው በውጫሌ በኩል ተመዝግቦ፣ ቀረጡ ተከፍሎ ከገባ ምንም ችግር የለበትም። ችግሩ ብዙዎች የሚመርጡት ሳይመዘገብ የሚገባውን መንገድ መሆኑ ነው። ያ ኮንትሮባንድ ነው፤ ዕቃው ከመወረሱ በላይ እስራትም ያስከትላል። ተጠያቂነቱ ባለዕቃው ላይ ብቻ አይቆምም፤ ያጓጓዘውም ያከማቸውም ይጠየቃል። “አደራ፣ ይህችን ለእናቴ አድርስልኝ” ተብሎ የተሰጠው ሾፌር በኬላ ሲያዝ፣ አደራ ሰጪው ሚኒሶታ ተቀምጧል።

ከዚህ የሚያያዝ የተለመደ ስሕተት አለ። በሕጋዊ መንገድ የገባ ዕቃም ሰነዱ ቤት ተቀምጦ ዕቃው ብቻ ወደ ሐረር ወይም ድሬዳዋ ሲጓዝ በኬላ ይያዛል። ፈታሹ ሕጋዊነቱን የሚያውቀው በዲክላራሲዮኑና በቀረጥ ደረሰኙ ብቻ ነው። ወረቀቱ ከዕቃው ጋር መሄድ አለበት።

ምን ይሻላል?

ተማሪዬ በመጨረሻ የጠየቀችኝ ይህንኑ ነበር። እኔም አንድ ሒሳብ እንድትሠራ ነገርኳት። ከላይ ባለው ምሳሌ ቤተሰቡ በጠቅላላው ያወጣው 300 ዶላርና ከ33,000 ብር በላይ ነው፤ በ150 ብር ሲሰላ ከ520 ዶላር ይበልጣል። ያንኑ ጫማና ቦርሳ ጅግጅጋ ገበያ ላይ ጠይቃ ዋጋው ከዚህ ካነሰ፣ ገንዘቡን ብትልክና እናቷ ራሳቸው ለክተው ቢገዙ ይሻላል። መጠኑ ካልሆነ የሚመለሰው ባለሱቁ ዘንድ እንጂ ባሕር ማዶ አይደለምና። ከውጭ ማዘዝ የሚያዋጣው እዚህ የማይገኝ ወይም ተመሳስሎ የሚሸጥ፣ ክብደቱ ቀላል የሆነ ዕቃ ሲሆን ነው። ያኔም ቀረጡ አስቀድሞ ተሰልቶ፣ ገንዘቡ ከዕቃው ጋር ወይም ከዕቃው ቀድሞ ለተቀባዩ መላክ አለበት።

ተማሪዬ ለቀጣዩ ዒድ ገንዘብ እንደምትልክ ነግራኛለች። እናቷ ግን ሌላ ነገር ብለዋታል፤ “ልጄ፣ ቦርሳው ቆንጆ ነው፤ ቀረጡን ግን ከጎረቤት ተበድረን ነው የከፈልነው።” ስጦታ ላኪዎች ሁሉ “ክፈል” የሚለውን ከመጫን በፊት ይህችን ቃል ቢያስቧት መልካም ነው።