ኢየሱስን «አዳኝ» ብለን ስንዘምር የትኛው አዳኝ ነው?

ባለፈው እሑድ ዝማሬው አልቆ ስንቀመጥ፣ አጠገቤ የነበረች የሰባት ዓመት ልጅ ወደ እናቷ ዞራ፣ «ማሚ፣ ኢየሱስ ምንድን ነው የሚያድነው?» ብላ ጠየቀቻት። «ድ»ን አጥብቃ ነው ያለችው፤ ሚዳቋ እንደሚያሳድድ ሰው። እናትየዋ ሳቀች፣ እኔም ፈገግ አልኩ። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ልጅቷ አልተሳሳተችም፤ የጠየቀችው የሰማችውን ነው።

ወገኖቼ፣ በአማርኛ «አዳኝ» ሁለት ቃል ነው። «ዳ» ላልቶ ሲነገር ከሞት የሚታደገው ነው። «ዳ» ጠብቆ ሲነገር ወጥመድ የሚዘረጋው ነው። «ያድናል»ም እንደዚሁ። ፊደላችን ሁለቱን ስለማይለይ በስክሪን ላይ ያው አንድ ጽሑፍ ይታያል። መዝሙር 91፥3ን ብታነቡ ሁለቱም እዚያው አሉ፤ ከወጥመዱ የምንድነው ከአዳኙ (ከሚያጠብቀው) ነው፣ የሚያድነን ደግሞ እግዚአብሔር (በላላው) ነው። እኛ እሑድ እሑድ የጌታን ስም በጠላቱ ስም ለውጠን እየዘመርን ነው ማለት ነው።

ጥፋቱ ከየት ይመጣል? ከዜማው ምት ነው። በእንግሊዝኛ ከአንድ ቃል ውስጥ አንዱ ቀለም ጎላ ብሎ ይነገራል፤ ዜማውም ለዚያ ይሰፋል። በአማርኛ ይህ ጉልበት ደካማ ነው፤ ትርጉም የሚለየው መጥበቅና መላላት ነው። በጠንካራው ምት ላይ የወደቀ ፊደል ግን ዘማሪው ሲጫነው ሳያስበው ይጠብቃል።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁትን «አሜዚንግ ግሬስ» የሚዘመርበትን ዜማ ውሰዱ። ባለ ሦስት ምት ነው። የመጀመሪያው ቀለም ከምቱ ቀድሞ በአንድ ምት ብቻ ይገባል፣ ሁለተኛው በጠንካራው ምት ላይ ወድቆ ሁለት ምት ይቆያል፣ ከዚያም አጭር፣ ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም እያለ ይሄዳል። አሁን በዚህ ላይ «አዳኝ ኢየሱስ» የሚል ስንኝ አስገቡ። «አ» አጭር ሆና ታልፋለች፤ «ዳኝ» ጠንካራው ምት ላይ ይወድቃል። ዘማሪው ምቱን ለመምታት ምላሱን ጥርሱ ሥር አጣብቆ ይጠብቃል፣ ድምፁ ለቅጽበት ይታፈናል፣ ከዚያ «ዳ» ትፈነዳለች። ያ መታፈን ነው ማጥበቅ። አዳኙ ጠመንጃውን ይዞ መጣ!

መድኃኒቱ እዚያው ነው፤ ቃላቱን ማገላበጥ። «ኢየሱስ አዳኝ» በሉት። «ኢ» ቀድማ ትገባለች፣ «የ» ረጅም፣ «ሱስ» አጭር፣ «አ» በጠንካራው ምት ላይ ሁለት ምት ትዘረጋለች፣ «ዳኝ» በደካማው ምት ላይ በቀስታ ይወርዳል። «አ» ስትዘረጋ «ዳ»ን ለማጥበቅ ምክንያት አይኖርም። አንድም ቀለም አልጨመርንም፣ አልቀነስንምም።

ተቃራኒው ጥፋትም አለ። «እግዚአብሔር አለ» ስንል «ለ» ጠብቃ ነው መኖሩን የምንመሰክረው። ዜማው «አ»ን አራት ምት ካስረዘማት ግን «ለ» ላልታ ትወጣለች፤ «እግዚአብሔር አለ...» ምን አለ? ሰሚው ተከታዩን ቃል ይጠብቃል። እዚህ ላይ ግን ስንኙን መለወጥ ላያስፈልግ ይችላል። «ድ» ሲጠብቅ ድምፅን ያፍናል እንጂ አይዘመርም፤ «ል» ግን ዜማ ይሸከማል። ስለዚህ «አ»ን ሁለት ምት ይዞ፣ ቀሪውን ሁለት ምት «ል» ላይ ቆሞ፣ ከዚያ «ለ» ላይ ማረፍ ይቻላል።

«እግዚአብሔር ልብን ነው የሚያየው» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ እርሱ ያየናል። ጥያቄው ግን እርሱ ምን ሰማ አይደለም፤ ያቺ ልጅ ምን ሰማች ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጉባኤያችን የገባው ሰውስ? ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14 ድምፁ ስላልተለየ መለከት ሲናገር የመለከተኛውን ልብ አልመረመረም፤ የጠየቀው ማን ለጦርነት ይዘጋጃል ብሎ ነው። «ጉባኤው እኮ ምን ማለታችን እንደሆነ ያውቃል» የሚለው መልስ ደግሞ ወንጌልን አስቀድመው ለሚያውቁ ብቻ የምንዘምር ያደርገናል። («ጌታ ኃጢአተኛን ያሳድዳል፣ አዳኝ ቢባልም ያስኬዳል» ያለኝ ወንድምም ነበር። ስብከት ይወጣዋል፤ ግጥሙ ግን ይህን አላለም።)

የመዘምራን መሪዎችን የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ዜማው ከመጠናቱ በፊት ግጥሙን እንደ ወሬ አንብቡት፤ የሚጠብቀው ፊደል ላይ፣ በድሮ የሰዋስው መጻሕፍት እንደሚደረገው፣ በእርሳስ ነጥብ አድርጉ። ቅዳሜ ልምምድ ላይ ደግሞ ግጥሙን አይቶ የማያውቅ አንድ ሰው ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጡና የሰማውን እንዲነግራችሁ ጠይቁት። ስክሪኑን አጥፍታችሁ።